ከተቀበሉን የኢንተርንሽፕ ቦታዎች የትኛውን እንምረጥ? ከሰሜን ሸዋ ተማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃን በጥገና ሥራ ላይ ሆኜ የምህንድስና ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድ ስቀበል በየዓመቱ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው ናቸው።

ከአንድ በላይ ቦታ መጠየቅ ነውር ነው?

ነውር አይደለም። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጣችሁ የትብብር ደብዳቤ መጠየቂያ ነው፤ ድርጅቱ የሚመልስላችሁ የመቀበያ ደብዳቤ ደግሞ ቦታው ለእናንተ መያዙን የሚገልጽ ነው። የመቀበያ ደብዳቤውን ለዩኒቨርሲቲው የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ እስክታስገቡ ድረስ ምርጫው በእጃችሁ ነው። ካስገባችሁ በኋላ ግን አማካሪ መምህር በዚያ ቦታ መሠረት ይመደብላችኋል፤ መቀየር ከባድ የሚሆነው ከዚያ ወዲያ ነው።

ነውር የሚሆነው የማትሄዱበትን ቦታ ዝም ብሎ መተው ነው። እናንተን የሚጠብቀው ቦታ ለሌላ ተማሪ ሊሰጥ ይችል ነበር። ስልክ ደውላችሁ ወይም በአካል ሄዳችሁ አመስግኑና ልቀቁ።

አራቱን መመዘኛዎች፣ ማለትም ትምህርቱን፣ ተቆጣጣሪውን፣ የመጓጓዣ ወጪውንና የወደፊት ተስፋውን፣ በምን ቅደም ተከተል ልያቸው?

መጀመሪያ ወጪውን እዩ፤ ነገር ግን እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ በር እዩት። ቤተሰባችሁ ለአራት ወር ሊያወጣ የሚችለው ገንዘብ ስንት እንደሆነ በግልጽ ተነጋገሩና ከዚያ በላይ የሚጠይቀውን ቦታ ከዝርዝሩ አውጡት። የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በሦስተኛው ወር ገንዘብ አልቆባችሁ የምታቋርጡት ልምምድ ውጤት አይሰጥም።

በበሩ ያለፉትን ቦታዎች ቀጥሎ በትምህርቱና በተቆጣጣሪው መዝኗቸው። እነዚህን ሁለቱን እኔ ነጣጥዬ አልመለከታቸውም። ዘመናዊ ማሽን የሞላበት ፋብሪካ ገብታችሁ የሚያሳያችሁ ሰው ከሌለ ትምህርቱ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ ሁለቱን ነጥቦች አንደምራቸውም፣ እናባዛቸዋለን፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። የወደፊት ተስፋን በመጨረሻ አመጣዋለሁ፤ ምክንያቱን ወደታች እመለስበታለሁ።

ገብቼ ያልሠራሁበት ቦታ ምን እንደሚያስተምረኝ እንዴት አውቃለሁ?

የግማሽ ቀን ጉብኝት ጠይቁ። ብዙ ድርጅቶች ጥበቃ ላይ ደብዳቤ ተቀብለው ይመልሷችኋል እንጂ ራሳችሁ ካልጠየቃችሁ ወደ ውስጥ አያስገቧችሁም። ከገባችሁ የጥገና ክፍሉን ሰው አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «ባለፈው ወር ማሽን የቆመባችሁ በምን ምክንያት ነበር?» መልሱ ብዙ ይነግራችኋል። «ቤሪንግ ተበላ፣ ሞተር ተቃጠለ፣ የቦይለሩ ፓምፕ አልሠራም አለ» ካላችሁ የጥገና ሥራ አለ ማለት ነው፤ ለሜካኒካልና ለኤሌክትሪካል ተማሪ ትምህርቱ የሚገኘው እዚያ ነው። «ጥሬ ዕቃ አልመጣም፣ የውጭ ምንዛሪ እየጠበቅን ነው» ካላችሁ ግን ማሽኑ ቆሞ፣ ሠራተኛው ተቀምጦ፣ እናንተም አብራችሁ ትቀመጣላችሁ። ሁለቱም የቆመ ማሽን ነው፤ ለእናንተ ያላቸው ትርጉም ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ወቅቱንም አስቡ። ትልቅ ጥገና ማሽን በሙሉ የሚፈታበት ጊዜ ስለሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሁለት ወር ያህል ልታዩ ትችላላችሁ። የመጠጥ ፋብሪካ ከሆነ ገበያ በሚቀዘቅዝበት በዐቢይ ጾም ትልቅ ጥገና ይይዙ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሌላ ከሆነም ዓመታዊ ጥገናው የትኛው ወር ላይ እንደሚውል ይነግሯችኋል። ከእናንተ አራት ወር ጋር ከተገጣጠመ ለዚያ ቦታ ነጥብ ጨምሩ።

ሌላው መመልከት ያለባችሁ እጃችሁ የት ድረስ እንደሚፈቀድለት ነው። ኤሌክትሪክ ያለበትን ፓኔል መክፈት ወይም ቦይለር ብቻችሁን ማስነሳት ማንም ጤነኛ ድርጅት አይፈቅድላችሁም፤ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን የተበላ ዘንግ በካሊፐር መለካት፣ የሞተርና የፓምፕ አሰላለፍ በዳያል ጌጅ መፈተሽ፣ የሞተር ጥቅል መሬት መንካት አለመንካቱን ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ በሜገር ማረጋገጥ፣ የጥገና ካርድ መሙላት በተቆጣጣሪ ሥር ሊፈቀዱላችሁ የሚገቡ ሥራዎች ናቸው። «ተማሪ ምንም አይነካም» የሚል ቦታ ለአራት ወር ሳይሆን ለአንድ ቀን ጉብኝት ይበቃል።

ጥሩ ተቆጣጣሪ እንዳለ በምን እለያለሁ?

ይህ ከሁሉም በላይ ልትደክሙበት የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ተማሪዎች ደግሞ ከሁሉም ያነሰ የሚያጣሩት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ስም ጠይቁ። «የጥገና ክፍል ይመደብላችኋል» መልስ አይደለም፤ ክፍል አያስተምርም። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የምትቀርቡት ለማን ነው? ያ ሰው ማሽኑ ዘንድ የሚውል ፎርማን ነው ወይስ ቢሮ ውስጥ የሚውል ኃላፊ? ኃላፊው የግምገማ ቅጹን ይፈርም፤ ትምህርቱን የምታገኙት ግን ከፎርማኑና ከቴክኒሻኑ ነው።

ቀጥሎ ቁጥር ጠይቁ፦ በዚህ ዙር ስንት ተማሪ ተቀብላችኋል? ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ተማሪ ይመቻል። ከአምስት ካለፈ ሥራው ራሱ ይበደላል። ይህንን ከራሴ ነው የተማርኩት፤ አንድ ዓመት 11 ተማሪ በአንድ ዙር ተቀበልኩ። በስም የማውቃቸው ሦስቱን ብቻ ነበር፤ ከእኔ ጋር የዋሉት እነዚያ ነበሩ። የቀሩት ስምንቱ ጥግ ይዘው ቆመው ከርመው ሄዱ፤ በመጨረሻ ቅጻቸውን ስሞላ ምን እንደሠሩ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፈረቃውንም አትርሱ። ፋብሪካው በሦስት ፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ተቆጣጣሪያችሁ ሳምንት ጠዋት፣ ሳምንት ከሰዓት፣ ሳምንት ሌሊት ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ግን ሁልጊዜ ቀን ናችሁ። ያን ጊዜ በደንብ የምትገናኙት ከሦስት ሳምንት አንዱን ብቻ ነው ማለት ነው። በተቀሩት ሳምንታት ማን እንደሚረከባችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን አምና እዚያው የነበረ ተማሪ የዕለት ሥራ መዝገብ ነው። ፈልጋችሁ አግኙትና ግሶቹን ብቻ አንብቡ። በየገጹ «ተመለከትኩ፣ ጎበኘሁ፣ ገለጻ ተደረገልኝ» የሚል ከሆነ ያ ቦታ ማሳያ ክፍል ነው። «ፈታሁ፣ ለካሁ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ፣ ተሳስቼ ደገምኩ» የሚል ከሆነ የሚያሠራ ሰው አለ።

የመጓጓዣ ወጪውን እንዴት በትክክል ላስላ?

የአንድ ቀን ታሪፍ ይዛችሁ አትወስኑ። አራት ወር፣ በወር 22 የሥራ ቀን ቢሆን፣ 88 ቀን ነው። በ88 ሲባዛ 10 ብር ልዩነት 880 ብር ይሆናል። ፋብሪካዎቹ ከከተማ ወጣ ብለው ስላሉ ብዙ ጊዜ ሁለት መኪና መያዝ ያስፈልጋል፤ ደርሶ መልስ አራት ክፍያ ነው። የሠራተኛ ሰርቪስ ካለ ልምምድ ላይ ያለን ተማሪ ይጭን እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ፤ መኪናው አለ ማለት እናንተን ይጭናል ማለት አይደለም።

ከታሪፉ ጎን የሚረሱ ወጪዎች አሉ። አንደኛው ምግብና መኝታ ነው፤ ዩኒቨርሲቲያችሁ በልምምድ ወቅት ሁለቱን ይቀጥል እንደሆነ ካላረጋገጣችሁ ስሌቱ በሙሉ ይፈርሳል። ሁለተኛው የደህንነት ጫማና ቱታ ነው። ሦስተኛው ለአማካሪ መምህሩና ለመጨረሻው ገለጻ ወደ ግቢ የምትመላለሱበት ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል፣ የቀኑ ሥራ ግን ይቀራል። ከሸዋ ሮቢት ለሚመጣ ደግሞ ጣርማ በር ላይ ክረምት ጉም ሲወርድ መኪና ቀስ ብሎ ስለሚሄድ፣ መንገድም የሚዘጋበት ቀን ስለሚኖር፣ ለሁለትና ለሦስት ቀን መጠባበቂያ ያዙ።

የመመለሻ ሰዓቱም ወጪ ነው። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ተኩል ስትወጡ ታክሲ ከሌለና ኮንትራት ባጃጅ መያዝ ካለባችሁ፣ የምታሰሉት በመደበኛው ታሪፍ ሳይሆን በኮንትራቱ ነው። ለሴት ተማሪዎች ይህንን አጥብቄ እነግራቸዋለሁ፤ የደብረ ብርሃን ብርድና ጨለማ ቶሎ ይመጣል። ቦታውን ከመቀበላችሁ በፊት በመውጫው ሰዓት አንድ ቀን ሄዳችሁ መንገዱን እዩት።

አበል የሚከፍለው ቦታ አይሻልም?

አበሉን ከወጪው ቀንሳችሁ የቀረውን አወዳድሩ፤ አበሉን ብቻ አትዩ። በወር 3,000 ብር የሚከፍል ቦታ ቤት መከራየት ካስፈለጋችሁ ምንም ከማይከፍለው የቤታችሁ ደጃፍ በላይ ሊያስወጣችሁ ይችላል። አበል የሚከፍል ድርጅት ተማሪውን እንደ ሥራ ኃይል የማየትና ሥራ የመስጠት ዝንባሌ እንዳለው ግን አስተውያለሁ፤ ስለዚህ ለትምህርቱ ነጥብ ስትሰጡ ይህንን ከግምት ማስገባት ይቻላል።

ሦስት ቦታ ተቀብለውኛል። እስቲ በምሳሌ አሳዩኝ?

አንዲት በደብረ ብርሃን የምትማር፣ ቤተሰቧ ሸዋ ሮቢት የሚኖር፣ የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ተማሪ እናስብ። ቤተሰቧ ለአራት ወር ሊያወጣ የሚችለው 10,000 ብር ነው። የምጠቀምባቸው ዋጋዎች ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ በጊዜው ታሪፍ ተኳቸው።

የመጀመሪያው ቦታ ደብረ ብርሃን የሚገኝ ትልቅ የመጠጥ ፋብሪካ ነው። መኝታዋ ግቢ ነው። በቀን 60 ብር መጓጓዣ፣ 40 ብር ምሳ፤ 100 ብር በ88 ቀን 8,800 ብር። ሁለተኛው አዲስ አበባ ዳር ያለ ፋብሪካ ሲሆን በወር 3,000 ብር አበል ይሰጣል። ከጓደኛ ጋር የሚጋሩት ቤት ለአራት ወር 12,000፣ ምግብ በቀን 150 ብር ለ120 ቀን 18,000፣ የየቀኑ ታክሲ 4,400፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ አራት ደርሶ መልስ 3,200፤ በድምሩ 37,600 ብር። አበሉ 12,000 ሲቀነስ 25,600 ይቀራል። ሦስተኛው ሸዋ ሮቢት ያለ የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከቤተሰቧ ጋር ትሆናለች። ባጃጅ 3,520፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሦስት ደርሶ መልስ 1,800፣ ገጠር ለሚወጣባቸው 20 ቀናት ምሳ 2,400፤ ጠቅላላ 7,720 ብር። ሁለተኛው ቦታ በሩ ላይ ቀረ።

አሁን ትምህርቱና ተቆጣጣሪው ከ5 ይመዘኑ። ፋብሪካው ቦይለር፣ ኮምፕረሰር፣ የማቀዝቀዣ ክፍልና ጠርሙስ መሙያ መስመር ስላለው ለትምህርቱ 5 ሰጠችው። 14 ተማሪ ተቀብሏል፣ የሚረከባቸው ሰው ስም አልተነገራትም፤ ተቆጣጣሪ 1። ብዜቱ 5 ነው። የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ማሽኑ ጥቂት ነው፤ ጥልቅ ጉድጓድ ፓምፖች፣ ጄነሬተሮች፣ መቆጣጠሪያ ሳጥኖች። ትምህርት 3። ነገር ግን አንድ የኤሌክትሮ መካኒክ ባለሙያ ብቻዋን ይዟት ይወጣል፤ ተቆጣጣሪ 4። ብዜቱ 12። ስሙ የማይታወቀው ጽሕፈት ቤት ትልቁን ፋብሪካ በለጠው።

ይህ ለምን ሆነ ብትሉ፣ የጉድጓድ ፓምፕ ተቃጥሎ ሲወጣ ምን እንደሚሠራ እዩ። ፓምፑ 120 ሜትር ላይ ከተሰቀለ እያንዳንዱ 6 ሜትር የሆነ 20 ቧንቧ አንድ በአንድ ይፈታል። ሞተሩ ይለካል። ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ለምን ተቃጠለ? ውኃው ወርዶ ፓምፑ በባዶ ሠርቶ ነው? ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ጠፍቶ ነው? መከላከያው ለምን አላቋረጠም? አንድ እንዲህ ዓይነት ብልሽት ከመነሻው እስከ መጨረሻው የተከታተለች ተማሪ ለሪፖርቷ ርዕስ አትቸገርም።

ነገር ግን እዚህ አላቆመችም። ወደ ፋብሪካው ተመልሳ «ቦይለርና ኮምፕረሰር ክፍል፣ በእገሌ ፎርማን ሥር ብመደብ፣ በደብዳቤው ላይም ይጻፍልኝ» ብላ ጠየቀች። ይህ ቢፈቀድላት ተቆጣጣሪው ከ1 ወደ 3 ያድጋል፣ ብዜቱም 15 ይሆናል፤ ያኔ ፋብሪካው ይሻላል። በቃል ብቻ «እናያለን» ከተባለች ግን ነጥቡ አይቀየርም፤ ሸዋ ሮቢት ትሂድ። የመቀበያ ደብዳቤውን ለዩኒቨርሲቲው ከማስገባት በፊት ክፍልና ሰው በስም መጠየቅ እንደሚቻል ብዙ ተማሪ አያውቅም።

ስመ ጥር ድርጅት ከሆነ በኋላ ሥራ ለማግኘት አይጠቅመኝም?

ይጠቅማል፣ ከምታስቡት ያነሰ ግን ነው። «ዜሮ ዓመት ልምድ» ብለው አዲስ ተመራቂ የሚፈልጉ ማስታወቂያዎች ብዙውን ጊዜ ኢንተርንሽፑን እንደ ሥራ ልምድ አይቆጥሩትም፤ ትልልቅ ድርጅቶችም በማስታወቂያ፣ በፈተናና በውጤት ይቀጥራሉ። የድርጅቱ ስም በማመልከቻችሁ ላይ አንድ መስመር ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «እዚያ ምን ሠራህ? ምን ሠራሽ?» ሲባል የሚመለሰው ግን ከስሙ ሳይሆን ከሥራው ነው።

የወደፊት ተስፋን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው፤ ተስፋው የሚወጣው ከሁለቱ ከፊተኞቹ ነው። በርግጥ የሚጣራ አንድ ነገር አለ። «ጥሩ ከሠራችሁ እንቀጥራለን» ሲሏችሁ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከልምምድ ተማሪዎች የቀጠሩት ስንት እንደሆነና ዛሬ የት ክፍል እንደሚሠሩ ጠይቁ። በስም ጠርተው ካሳዩአችሁ ተስፋው እውነት ነው። ነጥባቸው እኩል የሆነ ሁለት ቦታ ካለ በዚህ ለዩት።

አጎቴ ተሯሩጦ ያገኘልኝ ቦታ ነው። ሌላውን ብመርጥ ያዝንብኛል። ምን ላድርግ?

ይህ ከስሌቱ ይልቅ የሚከብድ ነው፤ አጎታችሁ ሰው ለምኖላችኋል፣ ውለታ አለበት። ስለዚህ በስልክ አትጨርሱት። ሄዳችሁ፣ አመስግናችሁ፣ ወረቀቱን አሳዩት፦ «ጋሼ፣ ያገኙልኝ ቦታ ላይ 14 ተማሪ ነው ያለው፤ እዚህኛው ቦታ አንድ ባለሙያ ብቻዬን ይይዘኛል።» ለትምህርታችሁ የደከመ ሰው ትምህርቱ የት እንደሚሻል ሲያይ ይረዳል፤ ቦታውን የሰጠውን ወዳጁንም ራሱ ያነጋግርላችኋል።

ከዚያ በፊት ግን የአጎታችሁ ትውውቅ ሌላ ነገር ሊሠራ እንደሚችል አስቡ። የሚያውቀው ሰው ቦታውን ካሰጠ፣ ክፍልና ፎርማንም ሊያስመርጥ ይችላል። ጥያቄያችሁ «ቦታ አግኙልኝ» ከሆነ ቦታ ታገኛላችሁ፤ «ከእገሌ ጋር አስመድቡኝ» ከሆነ ሰው ታገኛላችሁ። ድጋሚ ሄደው እንዲጠይቁላችሁ ለምኗቸው።

ጀምሬ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፣ ምንም እየሠራሁ አይደለም። ልቀይር?

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ መዝገባችሁን ግለጡና ቅድም ያልኩትን የግስ ፈተና በራሳችሁ ላይ አድርጉ። ሁሉም «ተመለከትኩ» ከሆነ መጀመሪያ ተቆጣጣሪያችሁን አነጋግሩ። «ሥራ ስጠኝ» አትበሉት፤ ሥራ ለመፍጠር ጊዜ የለውም። ይልቅ የሚቀለውን ሥራ ለይታችሁ ውሰዱለት፦ «የኮምፕረሰሮቹን የጥገና ካርድ እኔ ልሙላ፣ በየጠዋቱ ሙቀትና ግፊት መዝግቤ ላምጣ።» በሳምንት ውስጥ የትኛው ማሽን ከወትሮው በላይ እንደሞቀ የምታውቁት እናንተ ትሆናላችሁ፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ሲከፈት ይጠሯችኋል።

በሦስተኛው ሳምንት ካልተለወጠ ለአማካሪ መምህራችሁ መዝገቡን ይዛችሁ ሂዱ። በመጀመሪያው ወር ውስጥ የቀረበና መዝገብ የያዘ አቤቱታ ክፍል ለማስቀየር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከወሩ አጋማሽ በኋላ ድርጅት መቀየር ግን የቀረውን ጊዜ ለደብዳቤ ስለሚበላው፣ እዚያው ድርጅት ውስጥ ክፍል መለወጡን አስቀድሙ፤ ጥገና ካልሆነ የጥራት ቁጥጥር፣ እሱም ካልሆነ መለዋወጫ መጋዘኑ። መጋዘን ውስጥ በወር ስንት ቤሪንግ እንደወጣና ለየትኛው ማሽን እንደሄደ ከመዝገቡ ቆጥሮ ማውጣት የሚችል ተማሪ የፋብሪካውን ደካማ ማሽን ያገኛል።